ካሳ አትጠይቁ፤ ዕቃችሁን ጠይቁ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው የሚያስቀይመው ሰው ይኖራል። ይቀየም። እኛ ነጋዴዎች ስንበደል አንድ ቃል ብቻ ነው የምናውቀው፦ ካሳ። ኮንቴይነራችን ዶራሌ ላይ ተይዞ ሳለ፣ ሰነዳችን በሰው መሳቢያ ውስጥ ሳለ፣ የከፈልንበት ማሽን ለሌላ ሰው ሊሸጥ ዋጋ እየተነገረበት ሳለ፣ እኛ ቁጭ ብለን የኪሳራ ሂሳብ እንሠራለን። ይህን ያህል ከሰርኩ፣ ይህን ያህል ይከፈለኝ እንላለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ፍርድ ቤት ገንዘብ ከማስከፈል ሌላ ሥራ አለው። «ይህን አድርግ» ብሎ ያዝዛል። «ይህን አታድርግ» ብሎ ያግዳል። የመጀመሪያው ውልን በግዴታ ማስፈጸም ይባላል፤ ሁለተኛው እግድ ነው። እነዚህን ሁለቱን በጊዜው፣ በቦታውና በትክክለኛው ሰው ላይ የጠየቀ ነጋዴ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ያልጠየቀ ደግሞ ፍርድ ይዞ ይሄዳል። ፍርድ ደግሞ አይበላም፣ አይሸጥም፣ ጋላፊን አያልፍም።

ለዚህ ያበቃኝን ታሪክ ላውራችሁ። ድሬዳዋ ዳቦ ቤት ያላት እህታችን ከቱርክ አንድ ትልቅ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ አዘዘች። ለቤቷ ስፋትና ለመብራቷ ኃይል ተለክቶ የተሠራ ነው። ዕቃው ዶራሌ ደረሰ። ዋናው የጭነት ሰነድ፣ እኛ ቢኤል የምንለው፣ እዚህ ጅቡቲ ያለ አንድ ትራንዚተር እጅ ገባ። ትራንዚተሩም «ወንድምሽ ከሁለት ዓመት በፊት 4,000 ዶላር ሳይከፍለኝ ጠፍቷል፤ እሱን ካልከፈልሽ ሰነዱን አልሰጥም» አላት። ወንድሟ የራሱ ንግድ ፈቃድ ያለው ሌላ ነጋዴ ነው። እሷ የእሱን ዕዳ አልፈረመችም፣ ዋስም አልሆነችም።

ምን አደረገች? ሽማግሌ ላከች። ሽማግሌዎቹ ሄዱ፣ ቡና ጠጡ፣ ተመለሱ። ሁለት ወር አለፈ። ኮንቴይነሩ ላይ የመርከብ ድርጅቱ ዲመሬጅና የወደቡ የማከማቻ ሂሳብ በየቀኑ ይቆጥራል። ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ተመልሳ ጠበቃ ቀጥራ ከሰሰች። ጠበቃው የምድጃውን ዋጋ፣ የታጣውን ትርፍ፣ የወደብ ወጪውን ሁሉ ደምሮ የካሳ ክስ ጻፈ። ተከሳሹ አልቀረበም። በሌለበት ተፈረደበት። ፍርዱ የሚያምር ነው፤ ማኅተም አለው፣ ወለድ አለው፣ የጠበቃ አበልና ኪሳራ አለው። ግን ትራንዚተሩ በኢትዮጵያ ምድር ላይ አንድ ወንበር እንኳ የለውም። ምድጃውም ሳይወጣ በመቆየቱ ለጨረታ ወጣ። እኔ ወረቀቶቿን ያነበብኩት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

«ፍርድ ቤት ምን ዋጋ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ፍርድ ቤቱ የጠየቀችውን ሰጥቷታል። ስህተቱ ከጥያቄው ነው። ገንዘብ ጠየቀች፤ ገንዘብ ፈረዱላት። የምትፈልገው ግን ምድጃውን ነበር።

ሕጉ ራሱ ምን እንደሚል እንይ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውል ሲጣስ ሦስት መንገድ ይሰጣል፦ ውሉ እንዲፈጸም ማስገደድ፣ ውሉን ማፍረስ፣ ከሁለቱ ጋር ወይም ለብቻው ካሳ መጠየቅ። ማስገደድን የሚመለከተው ቁጥር 1776 ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ውሉ እንዲፈጸም የሚጠይቀው ሰው በመፈጸሙ ልዩ ጥቅም ያለው መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ አፈጻጸሙ የባለዕዳውን የግል ነፃነት የሚነካ መሆን የለበትም።

ሁለቱን በእኛ ሥራ አምጥተን እንያቸው። «ልዩ ጥቅም» ማለት ዕቃው በሌላ ዕቃ የማይተካ ነው ማለት ነው። ለአንዲት ዳቦ ቤት ተለክቶ የተሠራ ምድጃ ልዩ ነው። በስምህ የወጣ የጭነት ሰነድ ልዩ ነው፤ ገበያ ሄደህ ሌላ ቢኤል አትገዛም። ስኳር፣ ሲሚንቶ፣ ሩዝ፣ ዘይት ግን ልዩ አይደሉም። ሻጩ 300 ኩንታል ስኳር አላስረክብም ካለህ፣ ዳኛን «የእሱን ስኳር አስገድዱልኝ» ማለት አያስኬድም። ለዚህ ሕጉ ሌላ መንገድ አበጅቷል። በቁጥር 1778 መሠረት፣ ሻጩ ሊያስረክብህ የነበረውን ዓይነት ዕቃ በእሱ ወጪ ከሌላ ሰው እንድትገዛ ፍርድ ቤቱ ሊፈቅድልህ ይችላል። ደረሰኝህን ይዘህ የዋጋውን ልዩነት ታስከፍላለህ። በዚህ ጊዜ የምታሳድደው ስኳሩን ሳይሆን ልዩነቱን ነው፤ ያም ትክክል ነው። እኔ ካሳን የምቃወመው ልዩ ለሆነው ዕቃ ነው እንጂ ለሁሉም አይደለም።

«የግል ነፃነት» የሚለው ደግሞ ሰውን አስገድዶ ሥራ ማሠራት አይቻልም ለማለት ነው። ሹፌር «አልነዳም» ካለ ዳኛ መሪው ላይ አያስቀምጠውም። ሹፌሩ ይቀራል፤ በእሱ ወጪ ሌላ ሹፌር ትቀጥራለህ። ቁጥር 1777 ይህንን ይፈቅዳል፤ እንዳይሠራ የተዋዋለውን ነገር ሠርቶ ከተገኘም በእሱ ወጪ እንድታፈርስ ያስችላል። ሰነድ ማስረከብ ግን የማንንም ነፃነት አይነካም። መሳቢያ መክፈት ነው። ስለዚህ የእህታችን ጉዳይ ሁለቱንም ፈተና ያልፍ ነበር።

እግዱም የራሱ መለኪያ አለው። በቁጥር 2121 መሠረት ዳኛ የሚያግደው፣ ጎጂው ድርጊት ሊፈጸም ነው ብሎ የሚያምንበት በቂ ምክንያት ሲኖርና የሚደርሰው ጉዳት በገንዘብ ካሳ የማይታረም ሲሆን ነው። ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። ብዙ ሰው የእግድ ማመልከቻውን ሲጽፍ «ይህን ያህል ሚሊዮን እከስራለሁ» ብሎ ይጀምራል። ራሱን ገደለ። ጉዳቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ከሆነ በሚሊዮን ይካሳላ! ዳኛው እግዱን የሚከለክለው በራስህ ሂሳብ ነው። መጻፍ ያለብህ ገንዘብ የማይመልሰውን ነው፦ ዕቃው ይህ ብቻ ነው፣ ለጨረታ ከወጣ አይገኝም፣ ሰነዱ ለሌላ ከተላለፈ መብቱ አብሮ ይሄዳል።

እስካሁን የተናገርኩት በኢትዮጵያ ሕግ ነው። ዕቃው ግን ያለው ጅቡቲ ነው። የክርክሬ ዋና ነገርም ከዚህ ይጀምራል፤ ትዕዛዝ የሚሠራው የሚያስፈጽመው እጅ በሚደርስበት ቦታ ብቻ ነው። የገንዘብ ፍርድ ቢያንስ ሊጠብቅ ይችላል። ባለዕዳው አንድ ቀን ሀብት ሲያፈራ ትይዝበታለህ። «ስጥ»፣ «አትንካ» የሚል ትዕዛዝ ግን ዛሬ ካልተፈጸመ ነገ ትርጉም የለውም።

ይህንን ለማመን የማይፈልግ ሰው ካለ፣ በየቀኑ የምናልፍበትን የዶራሌን ኮንቴይነር ተርሚናል ታሪክ ይይ። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም፤ ትምህርቱም በነፃ ነው፣ ወጪውን ሌሎች ከፍለውታል።

የጅቡቲ መንግሥት ተርሚናሉን ለ30 ዓመት እንዲያስተዳድር ከዱባዩ ዲፒ ወርልድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ተዋዋለ። ለዚሁ በተቋቋመው ኩባንያ የጅቡቲ ወገን ሁለት ሦስተኛውን አክሲዮን ያዘ፤ ዲፒ ወርልድ አንድ ሦስተኛውን ይዞ አስተዳደሩን ወሰደ። ውሎ አድሮ ተጣሉ። እ.ኤ.አ. የካቲት 22 ቀን 2018 መንግሥት ውሉን አቋርጦ ተርሚናሉን ተረከበ። ዛሬ በደረሰኛችን ላይ ኤስጂቲዲ የሚል ስም የምናየው ከዚያ በኋላ ነው።

ዲፒ ወርልድ በቦታው ልምድ ያላቸውን ጠበቆች ይዞ ለንደን ሄደ። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የለንደን የግልግል ዳኝነት ውሉ አሁንም ጸንቶ ያለና የሚያስገድድ ነው ብሎ ወሰነ። በወሩ መጨረሻ፣ ነሐሴ 31፣ የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እግድ ሰጠ። እግዱ የተሰጠው በአክሲዮን ባለድርሻው በጅቡቲ ወደብ ኩባንያ ላይ ነው። የጋራ ውሉ እንደፈረሰ አድርገህ አትንቀሳቀስ፣ የዲፒ ወርልድን የቦርድ አባላት አታንሳ፣ የጋራ ፈቃድ በሚያሻው ጉዳይ ብቻህን አትወስን፣ የተርሚናሉ ኩባንያ በለንደን በኩል ባንክ ያለውን ገንዘብ ወደ ጅቡቲ አታዛውር የሚል ነበር። እንደ ወረቀት፣ ነጋዴ ከሚመኘው በላይ የተሟላ እግድ ነው።

ከዚያስ? ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በመስከረም መጀመሪያ ላይ፣ መንግሥት የወደብ ኩባንያው የያዘውን የተርሚናሉን አክሲዮን በሕግ ወደ ራሱ አዞረ። እግዱ የታሰረው በኩባንያው ስም ነው፤ አክሲዮኑ ግን አሁን በመንግሥት እጅ ነው። በመንግሥት ላይ ደግሞ የእንግሊዝ ዳኛ እጁ አጭር ነው። የእንግሊዝ የ1978 የመንግሥታት ያለመከሰስ ሕግ፣ መንግሥቱ ራሱ በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር፣ በውጭ መንግሥት ላይ እግድም ሆነ በግዴታ የማስፈጸም ትዕዛዝ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ያው ሕግ የገንዘብ ፍርድን በዚህ መልክ አይከለክልም። ልብ በሉ፤ ካሳ በሚያልፍበት በር እግድ አያልፍም ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የግልግል ዳኞች ጅቡቲ በ2006ቱ ውል መሠረት ያሉትን መብቶችና ጥቅሞች በሁለት ወር ውስጥ እንድትመልስ፣ ካልመለሰች ካሳ እንድትከፍል አዘዙ። «መልስ፤ ካልሆነ ክፈል» ነው ነገሩ። የጅቡቲ መንግሥት አቋም ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ውሉ ሉዓላዊነትን ይነካል፣ ተርሚናሉ ስልታዊ ሀብት ነው፣ መፍትሔ ካለም ተገቢ ካሳ እንጂ መመለስ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች ዓመታት የተከራከሩት ጽሑፌ በያዘው ጥያቄ ላይ ነው፤ ገንዘብ ወይስ ዕቃው? ሁለት ወሩ አለፈ፤ ክሬኑ ግን ለአዲሶቹ አስተዳዳሪዎች መሥራቱን ቀጠለ።

እዚህ ላይ ማን እውነት አለው የሚለውን አልፈርድም። እኔ በሁለቱም ላይ አክሲዮን የለኝም። እንደ እንግዳ ነጋዴ ከጉዳዩ የምወስደው ሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው፣ እግድ የሚያስረው ስሙ የተጠራውን ነው። ዕቃው ነገ በማን እጅ ሊገባ እንደሚችል ሳታስብ ትዕዛዝ ካወጣህ፣ በማግስቱ ዕቃው እጅ ይቀይራል። ሁለተኛው፣ ትዕዛዙን የሚያስከብረው ቅጣት ነው፤ ቅጣቱ የማይደርስበት ሰው ደግሞ ትዕዛዙን እንደ ምክር ያነባል። የለንደን ዳኛ ትዕዛዝ የጣሰን ሰው በፍርድ ቤት መድፈር ሊቀጣ፣ ሊያስርና ንብረቱን ሊይዝ ይችላል፤ ግን ለንደን ለሚመላለስና ለንደን ንብረት ላለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ብዙዎች የማያስተውሉት ነው። ከዚያ እግድ ውስጥ በተፈጥሮው ጥርስ ያለው ክፍል ስለ ባንኩ ገንዘብ የተጻፈው ነው። ገንዘቡ ያለው ዶራሌ አይደለም፤ የሚይዘውም የለንደንን ዳኛ የሚፈራ ባንክ ነው። ትዕዛዝህን ከዳኛው እጅ ሥር ወዳለ ሰው አነጣጥር።

አሁን ከግዙፎቹ ወደ እህታችን ምድጃ እንመለስ። ነገሩ እንደገና ቢጀመር ምን ትጠይቅ፣ የት ትጠይቅ፣ ማንን ትጥራ?

ቦታው ድሬዳዋ አይደለም፤ ጅቡቲ ነው። ሰነዱ እዚህ ነው፣ የያዘው ሰው እዚህ ነው፣ ቢሮው፣ የሥራ ፈቃዱና የባንክ ሂሳቡ እዚህ ነው። አንዳንዱ «ድሬዳዋ ላይ እግድ አውጥቼ እዚህ አስፈጽማለሁ» ይላል። አትድከም። የውጭ አገር ፍርድ በሌላ አገር እንዲፈጸም የዚያ አገር ዳኛ መፍቀድ አለበት፤ ይህም ጊዜ ይበላል። በተቃራኒው በኩል የእኛን የሥነ ሥርዓት ሕግ ብታዩ፣ ቁጥር 458 የውጭ ፍርድ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲፈጸም ከሚያስቀምጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ ፍርዱ የመጨረሻና ሊፈጸም የሚችል መሆኑ ነው። ጊዜያዊ እግድ ደግሞ በስሙም በባሕርዩም የመጨረሻ አይደለም። ጊዜያዊ ትዕዛዝ ድንበር ለመሻገር አልተፈጠረም።

ጅቡቲ የወረሰችው የፈረንሳይን ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ሬፈሬ የሚባል ለአስቸኳይ ጉዳይ የተዘጋጀ መንገድ አለ። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጉዳዩን ለብቻው አይቶ ጊዜያዊ ትዕዛዝ ይሰጣል። ዋናውን ክርክር አይፈርድም፤ ማን ምን ያህል ዕዳ አለበት የሚለውን ለሌላ ጊዜ ይተወዋል። የሚያየው ነገሩ አስቸኳይ ነው ወይ፣ የተከሳሹ መከራከሪያ እውነተኛ ክርክር ነው ወይስ ማመካኛ የሚለውን ነው። ለእህታችን ይህ ምቹ ነበር። በራሷ ጉዳይ ያለባት ዕዳ ቢኖር ትራንዚተሩ ሰነዱን እስኪከፈለው የመያዝ መብት አለኝ ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ይህ መብት በንግድ ሕግ የታወቀ ነው። የወንድም ዕዳ ግን የእህት ዕዳ አይደለም። ይህንን ለዳኛ ለማስረዳት ሁለት ንግድ ፈቃድና አንድ ኢንቮይስ ይበቃል።

ይህንንም እንኳ ለማጠናከር አንድ ብልሃት ነበራት። የትራንዚተሩን የራሷን የአገልግሎት ክፍያ፣ ከፈለገችም የተጨቃጨቁበትን 4,000 ዶላር ጭምር፣ በፍርድ ቤት በኩል በአደራ ማስቀመጥ። ይህ ዕዳውን ማመን አይደለም። «ገንዘቡ እዚህ ተቀምጧል፤ የማን እንደሆነ በኋላ ይወሰን፤ ሰነዱ ግን ዛሬ ይሰጠኝ» ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሰነዱን ይዞ የሚቆይበት ምክንያት ከእጁ ይወድቃል። «4,000 ዶላር ላስይዝ?» ብላችሁ የምትደነግጡ፣ ለሁለት ወር የተከፈለውን ዲመሬጅና የጠፋውን ምድጃ አስቡ።

ከዚያ ማንን ትጥራ? በወደብ ላይ ያለ ዕቃ በአንድ ሰው እጅ አይደለም። ሰነዱ በትራንዚተሩ እጅ ነው። የማስረከቢያ ወረቀቱን የሚሰጠው የመርከቡ ወኪል ነው። ሳጥኑ ያለው በተርሚናሉ ግቢ ነው። ሳይወጣ የቆየን ዕቃ ለጨረታ የሚያወጣው ደግሞ ጉምሩክ ነው። ስለዚህ ትዕዛዙ ሁለት ዓይነት ይሆናል። ለትራንዚተሩ «ስጥ» የሚል፣ ለሌሎቹ «ጉዳዩ እስኪታይ ለሌላ ሰው አታስረክቡ» የሚል። በትራንዚተሩ ላይ ብቻ ያወጣች እንደሆነ፣ እንደ ዶራሌው አክሲዮን፣ ነገሩ በጀርባዋ እጅ ይቀይራል። ደግሞም የመርከቡ ወኪል ከእሷ ጋር ጠብ የለውም፤ የፍርድ ቤት ወረቀት ሲደርሰው እልህ የሚይዝበት ምክንያት የለም። ጠብ የሌለውን ሰው ማገድ ጠበኛውን ከማስገደድ ይቀላል።

ትራንዚተሩ «አልሰጥም» ቢልስ? የፈረንሳይ ሥርዓት ለዚህ አስትሬንት የሚባል መዶሻ አለው። ዳኛው «በሦስት ቀን ውስጥ ስጥ፤ ከዚያ ወዲያ ለምታዘገይበት ለእያንዳንዱ ቀን ይህን ያህል ፍራንክ ክፈል» ይላል። ይህ ካሳ አይደለም፤ ያደረሰውን ጉዳት አይለካም። እልኸኛውን በየቀኑ የሚቆነጥጥ ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ የተቆጠረው ቀን በራሱ ወደ ገንዘብ አይለወጥም። ተመልሳችሁ ለዳኛው አቅርባችሁ ማስወሰን አለባችሁ፤ ዳኛውም እንደ ሁኔታው ሊቀንሰው ይችላል። ማመልከቻው ላይ አስትሬንት ካልጠየቃችሁ ደግሞ ትዕዛዛችሁ ጥርስ የሌለው ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የጠየቃችሁት ነው የሚሰጣችሁ።

በመጨረሻ ወረቀቱን ይዛችሁ ራሳችሁ አትሂዱ። ትዕዛዙን የሚያደርሰው ዊሲዬ የሚባለው የፍርድ መልእክተኛ ነው። የደረሰበትን ቀንና ሰዓት፣ የተቀበለውን ሰው፣ የተሰጠውን መልስ ይመዘግባል። አስትሬንቱ መቆጠር የሚጀምርበትን ቀን የምታስረዱት በዚያ ነው። ከክሱ በፊትም ዊሲዬ ወደ ትራንዚተሩ ቢሮ ሄዶ «ሰነዱን አልሰጥም፣ ምክንያቴም የወንድሟ ዕዳ ነው» የሚለውን ቃል ቢመዘግብላት ኖሮ፣ ግማሹ ክርክር እዚያው ያልቅ ነበር። እኛ ግን ማስረጃችን ሁልጊዜ የስልክ ጭቅጭቅ ነው።

አሁን የሚቃወሙኝን ልስማ።

አንደኛው ሽማግሌ ነው። «ልጄ፣ እኛ በአገራችን ልማድ እንጨርሳለን፤ ፍርድ ቤት ጠብ ያከርራል» ይላል። አባቴ፣ እኔም ሽማግሌ አከብራለሁ። ግን ሽማግሌ ሲመላለስ ዲመሬጁ አይቆምም፤ የጨረታው ቀንም አይጠብቅም። እግድ የእርቅ ጠላት አይደለም። ዕቃውን ባለበት አስቁሞ ለሽምግልና ጊዜ የሚገዛ እሱ ነው። እግዱ በእጅ ይሁን፣ ከዚያ ሽማግሌው ይቀመጥ። ያኔ ያ ሰውዬም ቡናውን ቶሎ ይጠጣል።

ሁለተኛው «ጅቡቲ ላይ ለእኛ ለሐበሾች ማን ይፈርድልናል? ቋንቋውም ፈረንሳይኛ ነው» ይላል። የቋንቋው ነገር እውነት ነው፤ ሰነዶቻችሁን ወደ ፈረንሳይኛ ማስተርጎምና እዚህ የሚሠራ ጠበቃ መያዝ ግድ ነው፤ ያስወጣል። ግን ድሬዳዋ ለጠበቃ የከፈለችውስ? እሱም ገንዘብ ነበር። ልዩነቱ አንዱ ከሰነዱ አጠገብ ካለ ዳኛ ፊት የሚያቆም ሲሆን ሌላው ሰነዱን ሊደርስበት ከማይችል ዳኛ ፊት ማቆሙ ነው። ሁሉ ጊዜ ታሸንፋላችሁ አልልም። ዳኛው የትራንዚተሩ መከራከሪያ እውነተኛ ክርክር ነው ካለ፣ ጉዳዩን ወደ መደበኛው ችሎት ሊመራው ይችላል። ያኔ ዘግይታችኋል፤ ግን ቢያንስ በመጀመሪያው ሳምንት አወቃችሁ እንጂ በዓመቱ አይደለም።

ሦስተኛው ከአዲስ አበባ ነው። ውል ሲጽፍ ከሆነ ቦታ የገለበጠውን «ክርክር ሲነሳ በለንደን የግልግል ዳኝነት ይታያል» የሚል አንቀጽ የሚለጥፍ ጠበቃ። ለአንድ ኮንቴይነር ጎማ ለንደን! ወዳጄ፣ ዲፒ ወርልድ ለንደን ላይ አሸንፎ ዶራሌን አላስመለሰም። የአንተ ደንበኛ በ20 ጫማ ሳጥን ለንደን ሄዶ ምን ሊያስመልስ ነው? የግልግል አንቀጽ ለገንዘብ ክርክር ይጠቅም ይሆናል። ለአስቸኳይ ትዕዛዝ ግን ዕቃው ያለበት ቦታ ዳኛ ሥልጣን እንዳለው በውሉ ላይ በግልጽ ጻፍ። ከዚያም «ትራንዚተሩ ሰነዱን የሚይዘው ለዚህ ጭነት ላልተከፈለው ሂሳብ ብቻ ነው፤ ለሌላ ሰው ወይም ለሌላ ጭነት ዕዳ አይደለም» የምትል አንድ መስመር ጨምር። ያቺ መስመር ብትኖር እህታችን ምድጃዋ ድሬዳዋ ነበር።

የዕቃው ቦታ ከተለወጠ ዳኛውም ይለወጣል። ጋላፊን ወይም ደወሌን አልፎ ኢትዮጵያ ውስጥ መጋዘን ከገባ፣ ያን ጊዜ የእኛ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይሠራል። ቁጥር 154 ክርክር ያለበት ንብረት ሊባክን፣ ሊበላሽ ወይም ለሌላ ሊተላለፍ ሲል ጊዜያዊ እግድ ይፈቅዳል። ያኔ ጅቡቲ መሮጥ ነው ከንቱ የሚሆነው። ጠብ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን በደለኝ?» አይሁን። «ዕቃዬ አሁን የት ነው፣ በማን እጅ ነው፣ በዚያ እጅ ላይ ማን ያዝዛል?» ይሁን።

ያቺ እህታችን አሁን ሌላ ምድጃ አዝዛለች። በዚህ ጊዜ ውሉን ከመፈረሟ በፊት ላከችልኝ። ትራንዚተሩ ሌላ ነው፤ ያቺ አንድ መስመር ገብታለች፤ የጅቡቲ ዳኛም ተጽፏል። የድሬዳዋውን ፍርድ ደግሞ አጣጥፋ ከመጋረጃው ጀርባ ካለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። «ለልጆቼ አሳያቸዋለሁ» ትላለች፤ «ያሸነፍኩበት ወረቀት ይኸውላችሁ፤ ምድጃው ግን የለም ብዬ።»